ሶሪ የሚባለው እግር ሲረገጥ ነው

ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር የተመለስኩት በጥቅምት ነው። ከሄድኩ በስምንተኛ ዓመቴ። ኑሮዬ ማስተማር ስለሆነ ብዙም ሳልቆይ ሥራ አገኘሁ። ወላጆቻቸው የጎንደር ልጆች የሆኑ፣ እነሱ ግን ውጭ አገር ያደጉ ወጣቶችን አማርኛ አስተምራለሁ። ብዙዎቹ ጥምቀትን ለማክበር ከቤተሰብ ጋር ይመጣሉ፤ የሚቆዩት ጥቂት ሳምንት ነው። አጎት አክስት ጋ ሲሄዱ አንገታቸውን ደፍተው እንዳይቀመጡ የሚረዳቸው ትምህርት ያስፈልጋቸዋል።

በኅዳር አንድ አጭር ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ተጠየቅኩ። ሁለት የድሮ ጓደኞች ፌርማታ ላይ በአጋጣሚ ይገናኛሉ። ሁለት ደቂቃ ያህል ያወራሉ። ወሬው የመጽሐፍ አማርኛ ሳይሆን ሰው በየቀኑ የሚናገረው፣ እንግሊዝኛ የገባበት አማርኛ ይሁን ተባለ። አንድ ገጽ ነው። በአንድ ማታ እጨርሰዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሁለት ጊዜ ተመለሰብኝ። በመሀሉ ደግሞ ከአንዲት የልጅነት ጓደኛዬ ጋር ልቀያየም ምንም አልቀረኝም። ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ንግግር መጻፍ ለሚገጥማቸው ነው፦ ለአስተማሪዎች፣ ለትያትር ክበብ ልጆች፣ ውጭ ሆነው ልጆቻቸውን አማርኛ ለሚያለማምዱ ወላጆች።

የመጀመሪያውን ስጽፍ «እንግሊዝኛ የገባበት» የሚለውን የተረዳሁት አንድ ዓረፍተ ነገር አማርኛ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር እንግሊዝኛ ማለት እንደሆነ አድርጌ ነው። እንዲህ ይጀምር ነበር፦

— ሀይ! ሎንግ ታይም ኖ ሲ!
— ሰላም! እንዴት ነሽ?
— አይ አም ፋይን። አንቺስ?
— ደህና ነኝ። ባስ ስቶፕ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?

ከተማሪዎቼ አንዷ፣ የ16 ዓመት ልጅ ናት፣ ጮክ ብላ አንብባ ወረቀቱን አስቀመጠችው። «ቲቸር፣ የአክስቴ ልጅ እንዲህ አታወራም» አለችኝ። «እንግሊዝኛ ትቀላቅላለች፣ ግን እንዲህ አይደለም። እሷ ስታወራ ሁሉም አማርኛ ይመስላል።»

ያን ጊዜ አባባሏ አልገባኝም። ቆይቶ ሳስበው ግን ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ ከማንም አልሰማሁም። ሁሉም አማርኛ ይመስላል። ምክንያቱም የዓረፍተ ነገሩ አጥንት አማርኛ ነው። እንግሊዝኛው የሚመጣው እንግዳ ሆኖ ነው፤ እንደ ቤቱ ደንብ ይቀመጣል።

«ባስ ስቶፕ» የሚለውም ለብቻው ስሕተት ነበር። ጎንደር ውስጥ ፒያሳም ሆነ ማራኪ ቆማችሁ «ባስ ስቶፑ የት ነው?» ብትሉ ሰው ይገባው ይሆናል፤ ግን የሚመልስላችሁ «ፌርማታው እዚያ ጋ ነው» ብሎ ነው። ፌርማታ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው። ፒያሳም እንደዚያው። ጣሊያን ጎንደርን የለቀቀው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ተሸንፎ ነው፤ ቃላቱ ግን እዚሁ ቀሩና የእኛ ሆኑ። አያቴ ፌርማታ ስትል የባዕድ ቃል የምትናገር አይመስላትም ነበር። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ንግግራችሁ ውስጥ እንግሊዝኛ ከማስገባታችሁ በፊት ለነገሩ ሰው አስቀድሞ የለመደው ቃል እንዳለ አረጋግጡ። ካለ፣ እንግሊዝኛው ቦታ የለውም።

ሁለተኛውን ስጽፍ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። ንጹሕ አማርኛ ጻፍኩና በየሦስት ቃሉ አንዱን በእንግሊዝኛ ተካሁት። «ዋተር ልግዛ»፣ «ሞርኒንግ ላይ ኮልኩሽ»፣ «ባለፈው ይር ግራጁዌትኩ»። ይህንንም ለማንበብ የሞከረ ሁሉ ይደናቀፍ ነበር። የዚህ ምክንያት ሁለት ነው፤ ሁለቱንም ቀስ ብዬ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነውና።

አንደኛ፣ ሰው ውሃን፣ ቤትን፣ ጠዋትን፣ እግርን በእንግሊዝኛ አይጠራም። ተጠምቶ «ዋተር ስጪኝ» የሚል የለም። እንግሊዝኛ የሚገባው ነገሩን በእንግሊዝኛ በተማርንበት ወይም በተቀበልንበት ቦታ ነው፦ ቢሮ፣ ትምህርት፣ ሆስፒታል፣ ስልክ፣ የውጭ ጉዞ። «ኢንተርቪው አለብኝ» ይባላል። «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ያለ ሰው ካለ ደግሞ ማንም «የምን ፕሮሰስ?» ብሎ አይጠይቀውም፤ ውጭ ለመሄድ ወረቀት እያስጨረሰ መሆኑ ይታወቃል።

ሁለተኛ፣ የእንግሊዝኛ ግሥ አማርኛ ውስጥ ብቻውን አይቆምም። «ኮልኩሽ» አይባልም። «ኮል አደረግኩልሽ» ነው የሚባለው። ግሡ ተሸካሚ ይፈልጋል፤ ተሸካሚው «አደረገ» ነው። ማን እንደሠራው፣ ለማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሠራው የሚናገረው «አደረገ» ነው እንጂ እንግሊዝኛው አይደለም። እንግሊዝኛው ዝም ብሎ እንዳለ ይቀመጣል፦ ሴቭ አደረግኩት፣ ሴቭ አድርጊልኝ፣ ሴቭ ሳታደርጊው። ነገሩ በራሱ የሆነ ወይም የደረሰብን ከሆነ ደግሞ «ሆነ» ይመጣል፦ በረራው ካንስል ሆነ፣ ኮንፊውዝድ ሆንኩ። ስምም እንዲሁ የአማርኛውን ጅራት ይቀበላል፦ ኦፊሱ፣ ፍሬንዴ፣ ኢንተርቪውን። አንዳንዴም ጅራቱ ይደረባል። «ፍሬንድሶቼ» የሚሉ ስንት አሉ! የእንግሊዝኛው ብዙ ቁጥር ላይ የአማርኛው ተጨምሮበት ማለት ነው። ይህ መታረም ያለበት ስሕተት አይደለም፤ ሰው እንዲህ ይናገራል።

ተማሪዎቼ ይህን ባወቁ ጊዜ ደስ አላቸው። «አደረገ»ን በደንብ ያወቀ ልጅ፣ ያጣውን ግሥ ሁሉ በእንግሊዝኛ ተክቶ መናገር ይችላል። ሰው ይገባዋል፤ አይስቅበትም። ወላጆች፣ ልጃችሁ ግሥ ጠፍቶት ከቆመ «አደረገ»ን አስጨብጡት። አማርኛው ግሥ ቆይቶ ይመጣል።

ሁለተኛውም ሲመለስብኝ እንደማልችለው ገባኝ። ራሴ በየቀኑ የምናገረውን ነገር ስጽፈው የሚሞተው ለምንድን ነው? ከዚያ በኋላ ነው ጠዋት ጠዋት ፌርማታ ላይ መቆም የጀመርኩት። ታኅሣሥ ነበር፤ የጎንደር ጠዋት ጋቢ የሚያስለብስበት ወቅት። ረዳቶቹ «ማራኪ ማራኪ! አዘዞ አዘዞ!» ይላሉ። እኔ የምሄድበት ሳይኖረኝ ቆሜ እሰማለሁ። አልቀዳሁም። እዚያው ቆሜም አልጻፍኩም። ሰው ሳያውቅ ወሬውን መቅዳት ነውር ነው፤ እናንተም እንዳታደርጉት። ቤት ስገባ ያስታወስኩትን አነጋገር ብቻ፣ የማን እንደሆነ ሳልጠቅስ እይዛለሁ።

በአንድ ሳምንት ውስጥ የሰማሁት ሦስት ዓመት ካስተማርኩት የበለጠ ነበር። በተለይ ሰላምታው። የእኔ ጽሑፍ «እንዴት ነሽ?» «ደህና ነኝ» ብሎ በሁለት መስመር ያልፈው ነበር። ፌርማታ ላይ ግን ማንም ቶሎ አይመልስም። ጥያቄ በጥያቄ ላይ ይደራረባል። «እንዴት ነሽ?» ስትባል «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ትላለች። «ደህና ነሽ?» «ሁሉ ሰላም?» «ልጆች?» እጅ ሳይለቀቅ፣ ጉንጭ እየተሳመ፣ ስድስት ሰባት ዙር ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ እንግሊዝኛ የለም። ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲቀላቅል የሚውል ሰው እንኳ በሰላምታው ላይ አማርኛ ብቻ ነው። እንግሊዝኛው የሚመጣው «ሥራ እንዴት ነው?» ከተባለ በኋላ ነው።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ሁሉም ሰው እኩል አይቀላቅልም፤ የሚቀላቅልበትም ቦታ አንድ አይደለም። አንዱ የሚያስገባው የሥራውን ቃላት ነው። ሌላው ግን «ሶ»፣ «በት»፣ «አክቹዋሊ» ይላል፤ ማያያዣውን ነው ከእንግሊዝኛ የሚወስደው። የመጀመሪያው ከሥራ ቦታ ያመጣው ነው። ሁለተኛው ከሚውልበት ሰው የተጋባበት ነው። በሁለቱ ጽሑፎቼ ላይ ሁለቱ ጓደኞች አንድ ዓይነት ይናገሩ ስለነበር አንድ ሰው ከራሱ ጋር የሚያወራ ይመስል ነበር።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ጠዋት ፌርማታው ላይ ቆሜ ሳለ አንዲት ሴት ፊት ለፊቴ ቆመች። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ ስታደርግ አወቅኳት። አንድ ዴስክ ላይ አራት ዓመት አብረን ተምረናል። እናቷ እንጀራ በበርበሬ ጠቅልለው፣ አንዱን ለእሷ፣ አንዱን ለእኔ ይሰጡን ነበር። እሷ ነርስ ሆና እዚሁ ቀረች። እኔ ሄድኩ፤ ስልክም ጠፋ።

ተቃቀፍን። ሰላምታው እንደሰማሁት ሆነ፤ ተደራረበ። ስለ ሥራዋ ጠየቅኳት፣ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ። እውነቱን ልናገር፣ ግማሽ ልቤ ጽሑፌ ላይ ነበር። እያንዳንዱን ቃሏን እለቅም ነበር። «ዱቲ» ስትል ያዝኩ። «ናይት ነበርኩ» ስትል ያዝኩ። እንዲህ እያልኩ ደስ ብሎኝ «እማማስ ደህና ናቸው?» አልኳት።

«እናቴማ አረፈች» አለችኝ። «ሰኔ ላይ።»

ከአፌ የወጣው «ኦ ማይ ጋድ! ሶ ሶሪ!» ነው።

አዲስ አበባ በሠራሁበት ቢሮ ሁሉም እንዲህ ይል ነበር። ለሰው ሞትም፣ ለጠፋ ፋይልም። ሳላስበው ወጣ። ጓደኛዬ አንገቷን ነቀነቀች። ዝም አለች። ያ ዝምታ አሁንም ይሰማኛል። ከዚያ ሰርቪሷ መጣና «በይ ደህና ዋይ» ብላ ገባች። ስልክ አልተለዋወጥንም።

ያን ቀን ማስተማር አልቻልኩም። ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ አልሰማሁም። አለመስማቴ ጥፋት አይደለም። ግን ሰምቼ የመለስኩት መልስ እናቷን አላከበረም። በማግሥቱ የድሮ ጎረቤታቸውን ጠይቄ ቤታቸውን አገኘሁ። ሄድኩ። በእኛ አገር ለቅሶ ያልሰማ ሰው፣ ስድስት ወር ቢያልፍም፣ በሰማ ጊዜ ይደርሳል። በሩን ስትከፍት ምንም አላልኩም። ገብቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ «አልሰማሁም ነበር። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ነፍሳቸውን ይማር» አልኩ። «አሜን» አለች። ሁለታችንም አለቀስን። ስለ እንጀራው በበርበሬ አወራን።

ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ስለ ጽሑፉ ነገርኳት፤ ፌርማታው ላይ ቃሏን እየለቀምኩ እንደነበርም አልደበቅኩም። ቅር ይላታል ብዬ ነበር። እሷ ግን ሌላውን ነው ያነሳችው። «እኔም ሶሪ እላለሁ» አለችኝ። «ዋርድ ውስጥ ስንቴ እላለሁ። ግን ሶሪ የሚባለው እግር ሲረገጥ ነው።»

ልክ ናት። እንግሊዝኛው ቃል በራሱ አገር ሁለት ሥራ አለው፤ ይቅርታም ይጠየቅበታል፣ ሐዘንም ይገለጽበታል። ወደ አማርኛ ሲገባ ግን ይዞ የመጣው አንዱን ብቻ ነው። የእኛ «ሶሪ» ይቅርታ ነው፤ ያውም ትንሿ ይቅርታ። ሰው ገፍተህ ስታልፍ፣ ስታረፍድ። ለሞት የሚሆን አይደለም። ይህን አንድ ቃል ብቻ አይደለም የሚመለከተው። «ሙድ» የሚለውን እዩ። ተማሪዎቼ ቃሉን በእንግሊዝኛ ያውቁታል። «ሙድ ያዘብኝ» ሲባል ግን አንዳቸውም አልገባቸውም፤ አሾፈብኝ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ቃል አማርኛ ውስጥ ስታገኙ በእንግሊዝኛ የምታውቁትን ትርጉም አትመኑ። ሰው መቼ እንደሚለው፣ መቼ ደግሞ እንደሚተወው ተመልከቱ።

ሦስተኛውን ጽሑፍ አብረን ሠራነው። የእናቷን ነገር እንድናስገባው ያለችው እሷ ናት። «ልጆቹ ከውጭ መጥተው የሚከብዳቸው እሱ ነው፤ አስተምሪያቸው» አለች። አንዷን ነርስ አደረግናት፣ ሌላዋን ከአዲስ አበባ የመጣች እንግዳ። እንዲህ ሆነ፦

እንግዳዋ፦ ውይ! አንቺ ነሽ?
ነርሷ፦ ወይ ጉድ! ከየት ተገኘሽ?
እንግዳዋ፦ አለሁ! እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ?
ነርሷ፦ አንቺስ? ደህና ነሽ? ሁሉ ሰላም?
እንግዳዋ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ጠፋሽ እኮ!
ነርሷ፦ እኔ ጠፋሁ? አንቺ ነሽ እንጂ የጠፋሽው! መቼ መጣሽ?
እንግዳዋ፦ ሐሙስ። አክቹዋሊ ለጥምቀት ነው የመጣሁት፣ በት ኦፊስ ከፈቀዱልኝ ሳምንት እጨምራለሁ። ሥራ እንዴት ነው?
ነርሷ፦ ያው ነው። ትናንት ናይት ነበርኩ። አሁን ዱቲ ጨርሼ ሰርቪስ እየጠበቅኩ ነው።
እንግዳዋ፦ ሶ እንቅልፍ የለም በይኛ!
ነርሷ፦ ለምጄዋለሁ።
እንግዳዋ፦ እማማስ? ደህና ናቸው?
ነርሷ፦ እናቴማ አረፈች። ሰኔ ላይ።
እንግዳዋ፦ ምን? … አልሰማሁም። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ነፍሳቸውን ይማር።
ነርሷ፦ አሜን።
እንግዳዋ፦ ቤት እመጣለሁ። መቼ ትኖሪያለሽ?
ነርሷ፦ ነገ ኦፍ ነኝ።
እንግዳዋ፦ ስልክሽ ያው ነው?
ነርሷ፦ ተቀይሯል። ያንቺን ንገሪኝ፣ ሚስኮል አደርግልሻለሁ።
እንግዳዋ፦ ገባ። ሴቭ አድርጌዋለሁ።
ነርሷ፦ ሰርቪሱ መጣ። ባይ!
እንግዳዋ፦ ባይ የኔ እህት። ነገ።

እንግሊዝኛው የት የት እንዳለ ተመልከቱ። ከመላው ወሬ ዐሥራ ሦስት ቦታ ብቻ ነው። የነርሷ ናይት፣ ዱቲ፣ ሰርቪስ፣ ኦፍ ነው፤ ሁሉም ከሥራዋ ጋር የመጣ። የእንግዳዋ አክቹዋሊ፣ በት፣ ሶ ነው። ሁለቱን ስም ሳትጽፉላቸው እንኳ ማን እንደተናገረች ትለያላችሁ። ከ«እማማስ» ጀምሮ እስከ «አሜን» ድረስ ደግሞ አንድም እንግሊዝኛ የለም። አክቹዋሊ የምትለዋ ሴት እንኳ እዚያ ጋ ስትደርስ የቤቷን አማርኛ ነው ያወጣችው። የሚመለሰው ቀጠሮና ስልክ ሲመጣ ነው፤ ያውም በነርሷ «ኦፍ ነኝ» በኩል። መጀመሪያ ስንጽፈው እንግዳዋ ከ«አሜን» በኋላ ወዲያው «ሶ መቼ ልምጣ?» ትል ነበር። ጓደኛዬ «ሶ»ን አስወጣችው። «ገና አፏ አልደረቀም» አለች።

አንድ ነገር እናቷን በተመለከተ ልጨምር፤ ተማሪዎቼ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ነው። ልጇ «አረፈች» ትላለች፤ ለእናት መቅረብ ነው። እንግዳዋ ግን «ናቸው»፣ «ነፍሳቸውን» ትላለች። የጓደኛዬ እናት ለእኔ አንቱ ናቸው፤ ጓደኛዬ አንቺ ብትላቸውም እኔ አልከተላትም። ውጭ ያደጉ ልጆች እዚህ ጋ ይሳሳታሉ፤ የሰሙትን ቅርጽ እንዳለ ይመልሱታል።

ክፍል ውስጥ ሲነበብ ያላሰብኩት ችግር መጣ። ልጆቹ በፊደል የተጻፈውን የራሳቸውን እንግሊዝኛ አላወቁትም። «ቲቸር፣ ዱቲ ምንድን ነው?» አለኝ አንዱ፤ ሎንዶን ነው ያደገው። እንደ አማርኛ ቃል በፊደሉ አንብቦት ነው። ሳነብለት ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ከማደሌ በፊት ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ጆሯቸው ቀድሞ እንዲያውቀው። ስጽፍም የእኛ አፍ እንደሚለው እጽፋለሁ። «ሚስኮል» እንጂ «ሚስድ ኮል» አልልም፤ ፌርማታ ላይ «ሚስድ ኮል» ያለ ሰው አልሰማሁማ።

ያቺ የ16 ዓመት ልጅ አነበበችው። የእንግዳዋን ቦታ ይዛ ነው ያነበበችው። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች። አያቷ የሞቱት ባለፈው ዓመት እንደሆነ፣ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ለአክስቷ ምን እንደምትል እንደምትፈራ ነገረችን። ዐረፍተ ነገሩን አምስት ጊዜ ደገመችው። በአምስተኛው «ያጽናሽ» የሚለውን አጥብቃ አለችው።

ጽሑፉን ከማስረከቤ በፊት ለጓደኛዬ በስልክ ላክሁላት። አንድ ነገር ብቻ ነው የቀየረችው። መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለቱን «ባይ» አውጥታ በሁለቱም ቦታ «ቻው» አስገባች። «እኔ ቻው ነው የምለው» ብላ ጻፈችልኝ። «እናቴም ቻው ነበር የምትለው።»